104 ኪሎ የምትመዝን ታካሚ፦ ካሎሪ ስናሰላ የትኛውን ክብደት እናስገባ?

የዎርድ_ምግብ

ሰላም ለሁላችሁም። አንዲት ታካሚ አለችኝ፤ ስሌቷ ሦስት ዓይነት መልስ እየሰጠኝ ስለሆነ እስቲ እንወያይበት።

ሴት ናት፣ 45 ዓመቷ ነው። ካርዷ ላይ ቁመቷ 160 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቷ 104 ኪሎ ይላል። ቢኤምአይዋ 40.6 ይመጣል። ዓይነት ሁለት ስኳር አለባት። እግሯ ላይ ያለው ቁስል አመርቅዞ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላታል፤ አሁን ሰርጂካል ዎርድ ተኝታለች። አይሲዩ አልገባችም። ኩላሊቷ ደህና ነው። በአፏ ትበላለች፣ ግን ቆንጠር ቆንጠር ነው የምታደርገው።

አይዲያል ዌይቷን፣ ማለትም ለቁመቷ ይመጥናል የሚባለውን ክብደት፣ በሃምዊ ቀመር ሠራሁት። ለሴት እስከ 5 ጫማ ድረስ 45.4 ኪሎ ይያዛል፤ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ኢንች 2.27 ኪሎ ይጨመራል። 5 ጫማ 152.4 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ስለዚህ እሷ 3 ኢንች ትርፍ አላት። ቀጥዬ የትርፍ ክብደቷን ሩብ አይዲያሉ ላይ ጨምሬ አድጀስትድ ዌይቷን አወጣሁ።

```
45.4 + (3 × 2.27) = 52.2
52.2 + 0.25 × (104 − 52.2) = 65.2
```

ከዚያ ሦስቱንም ክብደት በየተራ ሰውነት በእረፍት ላይ የሚያቃጥለውን ካሎሪ በሚገምተው በሚፍሊን ቀመር ውስጥ አስገባሁ። በ104 ኪሎ 1654 ካሎሪ መጣ። በ65 ኪሎ 1264፣ በ52 ኪሎ ደግሞ 1134። በትልቁና በትንሹ መካከል 520 ካሎሪ አለ። ቁስሏ መዳን ላለበት ሰው ይህ የአንድ ሙሉ ገበታ ልዩነት ነው።

አብረውኝ የሚሠሩት «ለወፍራም ሰው ሁልጊዜ አድጀስትድ ነው» ይላሉ። እውነት ሁልጊዜ ነው?

ክኒን_ቆጣሪ

እኔ ፋርማሲስት ነኝ። አብረውሽ የሚሠሩት ልክ ናቸው፤ አድጀስትድ ነው። ግን 0.25 ከየት መጣ? እኛ የምንጠቀመው 0.4 ነው። ጄንታማይሲን ለወፍራም ሰው ስንሰጥ በዴቫይን ቀመር አይዲያሉን አውጥተን የትርፉን 40 በመቶ እንጨምራለን። ላንቺ ታካሚ 73 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ሚፍሊን ውስጥ ብታስገቢው 1344 ካሎሪ ነው።

ምክንያቱም ግልጽ ነው። ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ነገር ነው፣ ካሎሪ አያቃጥልም። በ104 ኪሎ ማስላት ማለት ስቡን መቀለብ ማለት ነው።

ሜሪላንድ_ነኝ

እዚህ አሜሪካ ሆስፒታል ውስጥ በክሊኒካል ዳይቲሺያንነት እሠራለሁ። እህቴ፣ ጥያቄሽ ጥሩ ቦታ ላይ ነው የወደቀው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው «የትኛው ክብደት ትክክል ነው?» ብሎ ስለሚጀምር ነው። መጠየቅ ያለበት «ይህ ቀመር ሲሠራ የትኛው ክብደት ነበር የገባበት?» ነው።

ሚፍሊን በ1990 የወጣ ነው። 498 ጤነኛ ሰዎች ተለክተው ነው የተሠራው፤ ከእነሱ ውስጥ ግማሽ ያህሉ ውፍረት የነበረባቸው ናቸው። የገባው ደግሞ ሚዛን ላይ የወጣው ክብደታቸው ነው። ስለዚህ ቀመሩ የወፍራም ሰው አካል በኪሎ ሲታይ ያነሰ እንደሚያቃጥል ቀድሞ ያውቃል። ለዚህም ነው ለአንድ ኪሎ 10 ካሎሪ ብቻ የሚጨምረው። አንቺ አድጀስትድ ስታስገቢበት አንዴ የተቀነሰውን ሁለተኛ ቀነስሽው። 1264 የመጣው ከዚያ ነው።

```
10 × 104 + 6.25 × 160 − 5 × 45 − 161 = 1654
```

አድጀስትድ ዌይት የሚያስፈልገው በኪሎ 25 ካሎሪ እያልን በምናባዛበት ጊዜ ነው። ያ አሠራር ስብና ጡንቻ አይለይም። በ104 ብታባዢ 2600 ይመጣል፤ ስኳሯ ጣሪያ ይነካል። በ52 ብታባዢ 1300 ነው፤ ይህ ያንሳታል። በ65 ስታባዢው 1625 ይሆናል። ከ1654ቱ ጋር አስተያዪው። ሁለቱም መንገድ በየራሱ ክብደት ሲሠራ አንድ ሰፈር ይደርሳሉ። እኔ ሁልጊዜ ሁለቱንም እሠራና ካልተቀራረቡ የሆነ ቦታ ስህተት አለ ብዬ እፈልጋለሁ።

የሃሪስ ቤኔዲክትን የካሎሪ ቀመር የምትጠቀሙ ካላችሁ ታሪኩ ሌላ ነው። እሱ በ1919 የወጣ ነው፤ ወፍራም ሰው ብዙም አልተለካበትም። በሙሉ ክብደት ሲሠራ ለወፍራም ሰው አብዝቶ ስለሚያወጣ ነው ሰዉ አድጀስትድ እያስገባ ማስታረቅ የለመደው። ልማዱ ቀረና ወደ ሚፍሊንም ተሻገረ።

ክኒን ቆጣሪ ወንድሜ፣ 0.4ህ ለጄንታማይሲን ልክ ነው። መድኃኒቱ በሰውነት ውሃ ውስጥ ነው የሚሰራጨው፤ ስብ ውስጥም የተወሰነ ውሃ ስላለ ያንን ለመያዝ ነው 40 በመቶው። የምግቡ 0.25 ደግሞ «ከትርፉ ክብደት ሩብ ያህሉ የሚሠራ ሥጋ ነው» ከሚል የባለሙያዎች ግምት የመጣ ነው። እውነቱን ለመናገር በጥሩ ልኬት የተረጋገጠ ቁጥር አይደለም። ስብ አያቃጥልም የሚለው ግን ትክክል አይደለም። አንድ ኪሎ ስብ በቀን ከ4 እስከ 5 ካሎሪ ያህል ያቃጥላል፤ አንድ ኪሎ ጡንቻ ሳይንቀሳቀስ 13 ያህል። ያን ክብደት ተሸክሞ የሚኖር ሰው እግሩም፣ ልቡም አብሮ ይወፍራል። ትርፉ ሁሉ ስብ አይደለም።

ፒያሳ_ልጅ

ይቅርታ በመሀል ገባሁ። እኔ ወንድ ነኝ፣ 178 ሴንቲ ሜትር ቁመት፣ 92 ኪሎ። ስልኬ ላይ ያለው አፕ አይዲያል ዌይትህ 73 ነው ይለኛል። በ73 ኪሎ አስልቼ ነው የምበላው፤ ሰሞኑን ግን ከሰዓት ላይ ራሴን ያዞረኛል። አድጀስትድ ላድርገው?

የዎርድ_ምግብ

ፒያሳ ልጅ፣ የአንተ ቢኤምአይ 29 ነው። እዚህ የምናወራው ከ30 በላይ ስለሆኑ፣ ያውም ሆስፒታል ስለተኙ ሰዎች ነው። ላንተ አድጀስትድ አያስፈልግም፤ ሚዛን ላይ የወጣውን 92ቱን ነው የምታስገባው። መቀነስ ከፈለግህ ከሚመጣው ድምር ላይ ትቀንሳለህ እንጂ ክብደትህን ዋሽተህ አታስገባም። 73 የሚለው በዴቫይን የተሠራ ነው፤ በሃምዊ ቢሠራ 75.5 ይልሃል። ለስሌት መነሻ የሚሆን ቁጥር ነው፤ እዚያ ካልደረስክ ታመሃል ማለት አይደለም። የማዞሩን ነገር ግን ዝም አትበለው። የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ዛሬውኑ ሐኪምህን አናግር።

ሲስተር_ሦስተኛ_ፎቅ

ሁላችሁም ቀመር ላይ ናችሁ። እኔ ደግሞ 160 እና 104 ከየት መጡ ብዬ ልጠይቅ።

በእኛ ዎርድ ካርድ ላይ ያለው ቁመት አብዛኛውን ጊዜ ታካሚው በቃሉ የነገረን ነው። እግሯ የተቀደደ ሰው ማን አቁሞ ለካት? ክብደቷስ መቼ ተመዘነች? ከቀዶ ሕክምናው በፊት ነው ወይስ ግሉኮስና ሳላይን በደንብ ከገባላት በኋላ? ፋሻው ስንት ነበር? ቁርጭምጭሚቷን በጣትሽ ጫን በይውና ጉድጓዱ ቶሎ ካልሞላ 104 ኪሎው ውስጥ ውሃ አለ። ውሃ ካሎሪ አይበላም።

ቁመቷን ተኝታም ቢሆን መለካት ትችያለሽ። ደህነኛ ክንዷን ወደ ጎን ቀጥ አድርጊው፣ ከትከሻዋ ጋር እኩል ይሁን። ሜትሩን ከአንገቷ ሥር ካለችው ጎድጓዳ ቦታ ጀምረሽ በመሀል ጣትና በቀለበት ጣት መካከል እስካለው ቦታ ድረስ ዘርጊ። ክንዷ ወደ ፊት ከታጠፈ ልኬቱ ያጥራል፣ ስለዚህ አንድ ሰው ክንዷን ይያዝልሽ። ለሴት ያ ቁጥር በ1.35 ተባዝቶ 60.1 ይደመርበታል። ለወንድ በ1.40 ይባዛና 57.8 ይደመራል። ቀመሩ የወጣው ከአውሮፓውያን ልኬት ነው፤ ቢሆንም ከቃል ቁመት ይሻላል።

የሌሊት_ተረኛ

ሲስተር፣ እጅዎ ይባረክ። በትክክል መጠየቅ ያለበትን ነው የጠየቁት።

እኔ አይሲዩ ውስጥ ሐኪም ነኝ፤ ሚፍሊንን ለእኛ ታካሚዎች አንጠቀምም። ይህች ታካሚ ነገ ሴፕሲስ ገብታ እኛ ጋ ብትመጣ ስሌቱ ይለወጣል። በ2016ቱ የአሜሪካ መመሪያ መሠረት ቢኤምአይ ከ30 እስከ 50 ከሆነ በኪሎ ከ11 እስከ 14 ካሎሪ ነው፤ ኪሎው ደግሞ ሚዛን ላይ የወጣው ነው። ለእሷ ከ1144 እስከ 1456 ማለት ነው። ከ50 በላይ ከሆነ ግን በአይዲያል ዌይት ከ22 እስከ 25 ይባላል። ፕሮቲኑ ሁልጊዜ በአይዲያል ነው የሚሰላው፤ ቢኤምአይ 40 እና ከዚያ በላይ ሲሆን በኪሎ እስከ 2.5 ግራም። በ52 ኪሎ 130 ግራም ይመጣል። ካሎሪውን ዝቅ፣ ፕሮቲኑን ከፍ የምናደርገው ሰውነቷ የራሷን ስብ እያነደደ ጡንቻዋን እንዲያተርፍ ነው። ስኳሩም አብሮ ይረጋጋል።

የአውሮፓው መመሪያ ግን ካሎሪ የሚለካ ማሽን ከሌለ በአድጀስትድ ሥሩ ይላል፤ በአይዲያል ላይ ከትርፉ ከ20 እስከ 25 በመቶ ጨምሩ ነው የሚለው። ፕሮቲኑም በአድጀስትድ ኪሎ 1.3 ግራም ነው። ለአንዲት ሴት አንዱ 130 ግራም፣ ሌላው 85 ግራም ፕሮቲን ያዝላታል። እኛ ቤት ራሱ በዚህ ላይ ሐኪሞች አልተስማማንም።

አንድ ነገር ልጨምር። «ቆንጠር ቆንጠር» ያልሽው ስንት ቀን ሆነው? ወፍራም ሰው አይራብም ብለን እናልፈዋለን። አምስት ቀንና ከዚያ በላይ ምንም ያህል ካልበላች፣ ወይም በቅርብ ወራት ብዙ ከቀነሰች፣ በመጀመሪያው ቀን 1650 መስጠት አደገኛ ነው። ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዢየም ይወርዳሉ። ቲያሚን አስቀድማችሁ፣ ከታሰበው ከግማሽ በታች ጀምራችሁ፣ በየቀኑ እያያችሁ ጨምሩ። ፎስፌት ላቦራቶሪያችሁ ካልሠራ ፖታሲየሙን ብቻ አይታችሁ ደህና ነች አትበሉ። የትንፋሽ መፍጠንና ድንገተኛ ድካም ላይ ዓይናችሁን ጣሉ።

የዎርድ_ምግብ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ጠዋት ከአንዲት ነርስ ጋር ሆነን ደግመን ለካናት።

የክንዷ ልኬት 72 ሴንቲ ሜትር መጣ። ቁመቷ ስለዚህ 157 ገደማ ነው። የ160ው ነገር ሲስተር እንዳሉት ነው፤ ራሷ ነች የነገረቻቸው። ሁለቱም ቁርጭምጭሚቷ ሲጫን ይጎደጉዳል፤ ሁለት ሊትር ፈሳሽ ከገባላት በኋላ ነበር የተመዘነችው። የስኳር ክሊኒክ ደብተሯን አስመጣን፤ የዛሬ ሁለት ወር 99 ኪሎ ነበረች፤ ያኔ እብጠት አልተመዘገበም። ስለዚህ በ99 ሠራሁት።

```
72 × 1.35 + 60.1 = 157.3
45.4 + (1.93 × 2.27) = 49.8
49.8 + 0.25 × (99 − 49.8) = 62.1
10 × 99 + 6.25 × 157 − 5 × 45 − 161 = 1585
25 × 62.1 = 1553
```

ያስገረመኝ፣ ክብደቷም ቁመቷም ተለውጠው ሚፍሊን ላይ የወረደው 69 ካሎሪ ብቻ ነው። ቀመሩ ላይ የማይሆን ክብደት ማስገባት ግን 390 ካሎሪ ይቀንስ ነበር።

ለዶክተር፦ ሦስት ቀን ነው በደንብ ያልበላችው። ከዚያ በፊት ትበላ ነበር፤ ክብደቷም ለረጅም ጊዜ አልወረደም። ቢሆንም ቲያሚን ተጽፎላታል፤ ዛሬ በ1000 ካሎሪ እንጀምራለን።

የሚቀሩኝ ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። 1585ቱን በስንት ላባዛው? ፕሮቲኑንስ?

ሜሪላንድ_ነኝ

አልጋ ላይ ላለች ሰው ብዙው ባለሙያ በ1.2 ያባዛል፤ 1900 ይሆናል። እኔ ብሆን ስኳሯ እስኪረጋጋ በ1.1 አካባቢ፣ ማለትም 1750 ላይ ቆሜ አያለሁ። ለአልጋ አንድ፣ ለቁስል አንድ፣ ለትኩሳት አንድ እያልሽ ማባዣ አትደራርቢ። እንደዚያ ነው ሰው 2800 የሚደርሰው። ያበዛሽ መሆኑን የምታውቂው ምግቡ ከፍ ባለ በነጋታው ስኳሯ አልታዘዝ ብሎ ኢንሱሊኗ በየቀኑ ሲጨመር ነው። ማነሱን ለማወቅ ደግሞ ጊዜ ይፈጃል፤ እብጠቷ ከወረደ በኋላ ክብደቷ በየሳምንቱ እየቀነሰ፣ ቁስሉ ቀይ ሥጋ ሳያበቅል ከቆየ አንሷታል ማለት ነው። አልቡሚን አትመልከቺ። ኢንፌክሽን እያለ ስለሚወርድ ስለ ምግቡ የሚነግርሽ ነገር የለም።

ፕሮቲን ዎርድ ላይ ላለች፣ ቁስል ላላት፣ ኩላሊቷ ደህና ለሆነ ሰው እኔ በአድጀስትድ ኪሎ ከ1.3 እስከ 1.5 ግራም እሰጣለሁ። በ62 ኪሎ ከ81 እስከ 93 ግራም ነው። የአይሲዩውን 2.5 ወደ ዎርድ አታምጪው።

ሲስተር_ሦስተኛ_ፎቅ

90 ግራም ወረቀት ላይ ቀላል ነው። ሴትዮዋ ጿሚ ከሆነችስ? 100 ግራም ደረቅ ምስር 24 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። 90 ግራሙን ከምስር ብቻ እናምጣ ካልን በቀን ወደ 370 ግራም ደረቅ ምስር ነው፤ ያ ብቻውን 1300 ካሎሪ ገደማ ነው። ካሎሪሽ ሳይታሰብ አለቀ። እንጀራው የት ይግባ?

የዎርድ_ምግብ

ጿሚ ናት። ቤተሰቦቿ የንስሐ አባቷን አነጋግረዋል። እሳቸውም ለታመመ ሰው ይፈቀዳል ብለው እንቁላልና ወተት እንድትወስድ ፈቅደውላታል። እሷ ግን ገና ልቧ አልተቀበለውም፤ አልገፋኋትም። ለአሁኑ የአኩሪ አተር ዱቄት ሽሮዋ ውስጥ እየጨመርን ነው። 60 ግራም አካባቢ ላይ ነን።

ክኒን_ቆጣሪ

ሜሪላንድ፣ አመሰግናለሁ። 0.25ቱን ለምግብ ተቀብያለሁ። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። እዚህ 148 ሴንቲ ሜትር የሆነች፣ 80 ኪሎ የምትመዝን እናት አለችን። 5 ጫማ አትሞላም። ሃምዊም ዴቫይንም ከ5 ጫማ በላይ ላለ ሰው ነው የሚናገሩት። ከእያንዳንዱ የጎደለ ኢንች 2.27 ልቀንስ?

ሜሪላንድ_ነኝ

ብትቀንስ 41.5 ኪሎ ይመጣል። ያ ቢኤምአይ 19 ገደማ ነው፤ ለ148 ሴንቲ ሜትር እናት በጣም ቀጭን ነው። እኔ እንደነዚህ ላሉት ሃምዊን ትቼ ቢኤምአይ 22ን በቁመት ስኩዌር አባዛለሁ። 48 ኪሎ ይሰጥሃል።

የሌሊት_ተረኛ

እኛ ጋ ደግሞ 45.4 ላይ አቁመን ምንም አንቀንስም። ሦስት ሰው ሦስት ቁጥር። አድጀስትድ ላይ ሲደርስ ልዩነቱ ይጠባል፦ 51፣ 54 እና 56 ኪሎ ነው። በ25 ስታባዛው በትንሹና በትልቁ መካከል 120 ካሎሪ ገደማ ነው። ሚፍሊን ከሠራህማ 80ውን አስገባና ጨርስ፤ አይዲያሉ ለካሎሪው አያስፈልግህም። አይሲዩ ገብታ ፕሮቲኗን በአይዲያል ስናሰላ ግን 41.5 እና 48 በ2 ግራም ሲባዙ የ13 ግራም ልዩነት አላቸው። እዚያ ላይ የቱን እንደምይዝ እኔም አልቆረጥኩም።

የዎርድ_ምግብ

እኔ ጋም ከ150 በታች የሆኑ ሴቶች ብዙ ናቸው። ሌሎቻችሁ በየሆስፒታላችሁ የቱን ነው የምትይዙት? ጻፉልኝ።

ስለ ታካሚዬ፦ በሁለተኛው ቀን 1300 ካሎሪ ላይ ነን። ፖታሲየሟ ደህና ነው፤ ፎስፌት ውጭ ላቦራቶሪ ልከናል፣ ውጤቱ ነገ ነው የሚደርሰው።